ሲሚንቶው የት ገባ? የ90 ካሬ የጡብ ግድግዳ ጉዳይ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ አንድ ቤት ነው። ጂ ፕላስ ዋን። ኮለኑና ሶሌታው አልቆ በኮለኖቹ መካከል ያለው ግድግዳ በሸክላ ጡብ እየተሞላ ነበር። በርና መስኮት ተቀንሶ የላይኛው ፎቅ ግድግዳ 90 ካሬ ይሆናል። ውፍረቱ 12 ሴንቲ፣ ማለትም ጡቡ በወርዱ ልክ ተኝቶ የሚሠራ ነጠላ ግድግዳ ነው። የሥራ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ለዚህ ግድግዳ 17 ከረጢት ሲሚንቶ ጽፎ ነበር። 17ቱም ገቡ። ግድግዳው 60 ካሬ ገደማ ላይ ሲደርስ ሲሚንቶው አለቀ።

የቤቱ ባለቤት ስልክ የደወለችልኝ ያን ጊዜ ነው። "ኢንጂነር፣ አንድ ሦስተኛው ግድግዳ ሳይሠራ ሲሚንቶ የለም ተባልኩ። ሰው ሁሉ ዘበኛውን እያየ ነው። አባባን መጠርጠር ደግሞ ከበደኝ" አለችኝ። ሽማግሌው ዘበኛ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ነው የሚያድሩት። የሲሚንቶው መጋዘን ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሂሳብ ብቻ አልነበረም። የአንድ ሰው ስምም ነበረበት።

ሲሚንቶ ከታሰበው በላይ ሲያልቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ከግቢ ወጥቷል። ወይ ድብልቁ ከታዘዘው በላይ ሲሚንቶ በዝቶበታል። ወይ በጡቦቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ወፍሯል። ሦስተኛውን ከሌሎቹ የሚለየው ምስክር ደግሞ ሲሚንቶው ሳይሆን ጡቡ ነው። ሲሚንቶ ቢሰረቅ ጡቡ በታሰበው ልክ ነው የሚያልቀው። ድብልቁ ሲሚንቶ ቢበዛበትም ጡቡ አይነካም። መጋጠሚያው ከወፈረ ግን እያንዳንዱ ጡብ ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን ጡብ ይተርፋል። ስለዚህ ሳይቱ ላይ እንደደረስኩ መጋዘኑን ሳይሆን የጡቡን ክምር ነው ያየሁት።

ለሥራው 5,200 ጡብ ገብቷል። ለአንድ ካሬ 55 ጡብ ታስቦ፣ ለሚሰበረው ትንሽ ተጨምሮበት ነው። 60 ካሬ ተሠርቶ፣ የተሰባበረው ወደ 100 ጡብ ተቀንሶ፣ ክምሩ ላይ 1,800 ገደማ መቅረት ነበረበት። ስንቆጥረው 2,200 አካባቢ ሆነ። 400 ጡብ ትርፍ ነው። ጡብ ከውጭ ሰርቆ የሚያስገባ ሌባ የለም። እዚያው ቆሜ ጥርጣሬዬ ከዘበኛው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቀጥሎ ሜትር አወጣሁ። አንድን መጋጠሚያ ለብቻው መለካት ብዙ አይጠቅምም። አንዱ 12 ሚሊ፣ ሌላው 22 ሚሊ ሊሆን ይችላል። አማካዩን የሚሰጠው ብዙ ረድፍ አንድ ላይ መለካት ነው። ከአንድ ጡብ የላይ ጠርዝ ተነስቶ አሥር ረድፍ ወደ ላይ መቁጠርና ርቀቱን መያዝ ነው። ጡቡ 25 በ12 በ6 ሴንቲ ነው። መጋጠሚያው 1 ሴንቲ ቢሆን አንዱ ረድፍ 7 ሴንቲ፣ አሥሩ ደግሞ 70 ሴንቲ ይሆናል። እኔ ያገኘሁት 78 ሴንቲ ነው። በሌሎች ግድግዳዎች ላይም ስደግመው ውጤቱ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ይህ ማለት አግድሙ መጋጠሚያ በአማካይ 18 ሚሊ ነው። ወደ ጎን ደግሞ ስምንት ጡብ ከነመጋጠሚያው 208 ሴንቲ መሆን ሲገባው 212 ሆነ። ቁሙ መጋጠሚያ 15 ሚሊ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን መጣራት ነበረበት። ጡቡ ራሱ ከ6 ሴንቲ የወፈረ ቢሆንስ? ከክምሩ አሥር ጡብ ያለ ምንም ምርጫ አንስቼ አንዱን ባንዱ ላይ ደረደርኳቸው። 60 ሴንቲ ሆኑ። ጥቂቶቹ ትንሽ ጠመም ያሉ ናቸው እንጂ ልካቸው ትክክል ነው። የበዛው 8 ሴንቲ እንግዲህ ከመጋጠሚያው የመጣ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ከባድ አይደለም። ከግድግዳው ጠቅላላ መጠን ላይ ጡቡ የያዘውን መቀነስ ብቻ ነው። የቀረው ሞርታር ነው።

አንድ ካሬ ግድግዳ 12 ሴንቲ ውፍረት ካለው መጠኑ 120 ሊትር ነው። አንዱ ጡብ 1.8 ሊትር ይይዛል። በ1 ሴንቲ መጋጠሚያ አንድ ጡብ ከነድርሻው 26 በ7 ሴንቲ ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ካሬ 55 ጡብ ገደማ ይወስዳል። 55 ጡብ 98.9 ሊትር ይይዛል። ለሞርታር የሚቀረው 21.1 ሊትር ነው። ባለሙያው የተጠቀመው ይህንን ቁጥር ነው፣ ትክክልም ነው።

በሳይቱ ላይ ያለው ግድግዳስ? እዚያ አንድ ጡብ 26.5 በ7.8 ሴንቲ ይሸፍናል። ለአንድ ካሬ 48.4 ጡብ ይበቃል። ጡቡ 87.1 ሊትር ብቻ ይይዛል፣ ሞርታሩም 32.9 ሊትር ይሆናል። ከ21.1 ወደ 32.9። ጭማሪው 56 በመቶ ነው። ዓይን ሲያየው ግን ግድግዳው ላይ የተለወጠ ነገር ያለ አይመስልም። 8 ሚሊ ከትንሽ ጣት ውፍረት ያነሰ ነው።

ከሊትር ወደ ከረጢት ለመሄድ ሁለት ነገር ይጨመራል። የመጀመሪያው፣ ደረቅ አሸዋና ደረቅ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲቦኩ መጠናቸው ይቀንሳል። ሲሚንቶው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላል። ስለዚህ ለአንድ ሊትር እርጥብ ሞርታር 1.3 ሊትር ገደማ ደረቅ ነገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ብክነት ነው። ከማንካ የሚወድቅ አለ። ከጡቡ ጎን ተጨምቆ የሚወጣ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ የደረቀ አለ። እኔ ለዚህ 15 በመቶ እይዛለሁ። ጥንቁቅ ቡድን ከዚህ ያነሰ ያባክናል።

ድብልቁ አንድ ለአራት ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አራት እጅ አሸዋ። 50 ኪሎው ከረጢት ሲሰፈር 35 ሊትር አካባቢ ነው። በዚህ ሂሳብ በ1 ሴንቲ መጋጠሚያ 90 ካሬው 16 ከረጢት ሲሚንቶ ከጥቂት ተጨማሪ ጋር ይፈልጋል። አሸዋው 2.3 ሜትር ኩብ ነው። በሳይቱ መጋጠሚያ ግን ሲሚንቶው 25 ከረጢት ከምናምን፣ አሸዋው 3.5 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ለሳይት የሚቀለው ቁጥር ሌላ ነው። አንድ ከረጢት ስንት ካሬ ይሠራል? በ1 ሴንቲ መጋጠሚያ 5.5 ካሬ። በዚህኛው 3.5 ካሬ። 17 ከረጢትን በ3.5 ብናባዛው 60 ካሬ ገደማ ይመጣል። ሲሚንቶው ያለቀው ልክ እዚያ ላይ ነበር።

ይህን ለባለቤቷ በወረቀት ጻፍኩላት። ዘበኛውም አጠገቧ ቆመው ነበር። "አባባ፣ ሲሚንቶው ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው" አለቻቸው። እሳቸው መልስ አልሰጡም። ሄደው ጡቡን መደርደር ጀመሩ።

ድብልቁንም አይቼዋለሁ። ጥፋቱ በከፊል ከዚያ ቢሆንስ? አሸዋው የሚሰፈርበት ሳጥን 50 በ40 በ18 ሴንቲ ነው፣ 36 ሊትር ይይዛል። ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ወጣቶቹ አቡኪዎች ለአንድ ከረጢት አራት ሳጥን አሸዋ ነበር የሚሰፍሩት። ድብልቁ ትክክል ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ዝናብ በመታው ማግስት በሳጥን የተሰፈረ አሸዋ ውስጡ ያለው እውነተኛ አሸዋ ከደረቁ ያንሳል። ያኔ ድብልቁ ሳይታወቅ ሲሚንቶ ይበዛበታል፣ የሚወጣው ሞርታርም ያንሳል። በዚያ ሳምንት ግን ዝናብ አልነበረም፣ አሸዋውም ደረቅ ነበር።

መጋጠሚያው ለምን ወፈረ? ይህን ለማወቅ አሸዋውን በእጅ መዝገን በቂ ነበር። አልተነፋም። በውስጡ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ጠጠር ነበረበት። በአንድ መጋጠሚያ ውስጥ 10 ሚሊ ጠጠር ካለ ጡቡ በምንም መንገድ ከዚያ ዝቅ አይልም። ግንበኛው ቢደበድበው እንኳ ጠጠሩ ላይ ይወዛወዛል እንጂ አይቀመጥም። ስለዚህ ግንበኛው ጠጠሩን የሚውጥ ወፍራም ሞርታር ያነጥፋል። ልክ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ጡቡ ደረቅ መሆኑ ነው። ደረቅ ሸክላ ውሃ ይመጥጣል። ስስ ሞርታር ላይ ሲቀመጥ ውሃውን ወዲያው ይጠጣና ሞርታሩ ይደርቃል፣ ጡቡን ወደ ልኩ ማስተካከያ ጊዜ አይገኝም። ግንበኛ ይህን በልምድ ያውቀዋል። መፍትሔው ብሎ የሚወስደው ሞርታሩን ማወፈር ነው።

ሦስተኛው አከፋፈሉ ነው። ግንበኛው የሚከፈለው በካሬ ነው። በአንድ ካሬ 55 ሳይሆን 48 ጡብ ካስቀመጠ ሥራው ይፈጥናል። ይህን ሳነሳ ግንበኛው አልተቆጡም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ እጃቸው የተካነ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ መጋጠሚያው ለምን እንዲህ ወፈረ?" ስላቸው "ኢንጂነር፣ እኔ እኮ ጡብ ነው ያተረፍኩላት። ጡብ ውድ ነው" አሉኝ።

ክርክራቸው በቁም ነገር መታየት አለበት። በእያንዳንዱ ካሬ 6.6 ጡብ ተርፏል። በምትኩ ከነብክነቱ 5 ኪሎ ሲሚንቶና 14 ሊትር አሸዋ ገብቷል። በገንዘብ የትኛው እንደሚበልጥ የዕለቱ ዋጋ ነው የሚወስነው። ጡብ በተወደደበት፣ ሲሚንቶ በረከሰበት ጊዜ ግንበኛው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲሚንቶ በጠፋበትና ወረፋ በሚያዝበት ጊዜ ደግሞ በሥራ መቆም ብቻ ኪሳራ ይመጣል። እኔ ግን በዋጋ ብቻ አልተስማማሁም። ጡብ ከሞርታር ይጠነክራል። ከላይ ክብደት ሲመጣ ሞርታሩ ወደ ጎን መውጣት ይፈልጋል፣ ጡቡንም ወደ ጎን ይጎትተዋል። መጋጠሚያው በወፈረ ቁጥር ይህ ግፊት ይጨምራል፣ ግድግዳው ይደክማል። ሲደርቅም የሚኮማተረው ሞርታሩ ነው። በበዛ ቁጥር ስንጥቁ ይበዛል። ኢትዮጵያ የወሰደችው ዩሮኮድ 6 ለተለመደ ሞርታር መጋጠሚያው ከ6 እስከ 15 ሚሊ እንዲሆን ያዛል። 18 ከዚያ ውጭ ነው።

የተሠራውን 60 ካሬ አላስፈረስነውም። ጭነት የሚሸከሙት ኮለኖቹና ቢሞቹ ናቸው፣ ይህ ግድግዳ ራሱን ብቻ ነው የሚሸከመው። ቱንቢ ጥለንበት ቀጥ ያለ መሆኑን አየን። ሞርታሩ ጠንክሯል፣ በምስማር ሲጫር አይፈርስም። ሸክም የሚሸከም ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ውሳኔዬ ሌላ ይሆን ነበር።

ለቀረው 30 ካሬ የትኛውን መጋጠሚያ ማስተካከል ነው የሚበልጠው የሚለውን መጀመሪያ አሰላሁ። መልሱ ለብዙ ሰው ግልጽ አይመስለኝም። ቁሙን መጋጠሚያ ከ10 ወደ 15 ሚሊ ማወፈር ብቻውን ሞርታሩን 9 በመቶ ነው የሚጨምረው። አግድሙን ከ10 ወደ 18 ማወፈር ብቻውን 48 በመቶ ይጨምራል። ምክንያቱ ርዝመቱ ነው። በአንድ ካሬ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ አግድም መጋጠሚያ አለ። ቁሙ ሁሉ ተደምሮ ከ3 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚህ ጡብ በአግድሙ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ 1 ሚሊ በካሬ 1.3 ሊትር ገደማ ሞርታር ትበላለች። ስለዚህ ድካማችንን ሁሉ አግድሙ ላይ አደረግን።

ያደረግነው ሦስት ነገር ነው። አሸዋው በ5 ሚሊ ወንፊት ተነፋ። የወጣው ጠጠር ለወለል ይሆናል ብለን ለብቻው ከመርነው። ጡቡ ከመገንባቱ በፊት ማታ በርሜል ውስጥ ይነከርና ጠዋት ወጥቶ ላዩ እስኪጠፍፍ ይቆያል። እየተንጠባጠበ ከተገነባ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ሞርታሩም ይወርዳል። ሦስተኛው ዋናው ነው። ቀጥ ያለ ሞራሌ ተመረጠ። በእርሳስ በየ7.2 ሴንቲው ምልክት ተደረገበት። ግድግዳው ሁለት ጫፍ ላይ ቆሞ ሲባጎው ከምልክት ወደ ምልክት ይወጠራል። ግንበኛው ከሲባጎው በላይ መውጣት አይችልም፣ ከታችም አይቀርም። ውፍረቱን የሚወስነው ከዚህ በኋላ እጅ ሳይሆን ምልክቱ ነው።

7 ሳይሆን 7.2 ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጥቂቶቹ ጡቦች ጠማማ ናቸው። ጠማማ ጡብ በ10 ሚሊ መጋጠሚያ ላይ ሲገባ አንዱ ጫፍ ከታችኛው ጡብ ጋር ሊነካካ ይችላል። 12 ሚሊ ለጠማማነቱ ትንሽ ትርፍ ይሰጣል። በ12 ሚሊ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ካሬ 53 ጡብና 24.6 ሊትር ሞርታር ይፈልጋል። ለ30 ካሬ ሲሰላ 6.3 ከረጢት ይሆናል። ሰባት ከረጢት ታዘዘ። በድሮው አሠራር ቢቀጥል ኖሮ ከስምንት በላይ ያስፈልግ ነበር።

መጀመሪያው ቀን ላይ ሥራው ቀርፋፋ ሆነ። ግንበኛው ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር የሚሠሩት። ጡብ በካሬ ስለጨመረ እሳቸው የሚከፈላቸውም መስተካከል ነበረበት። ባለቤቷ በካሬው ላይ ትንሽ ጨመረችላቸው። ይህን የምጽፈው ሰው ስለሚረሳው ነው። ስስ መጋጠሚያ ፈልጎ የድሮውን ዋጋ መክፈል ግንበኛውን ወደ ወፍራሙ ይመልሰዋል።

ፎቁ ሲያልቅ አሥር ረድፍ በተለያየ ቦታ ለካሁ። 72 እና 73 ሴንቲ መካከል ነበር። ከሰባተኛው ከረጢት የተወሰነው ተረፈ። 600 ገደማ ጡብም ቀረ፣ ባለቤቷ ለአጥር ትፈልገዋለች።

ለአጥሩ ሂሳብ ስትጠይቀኝ አንድ ልዩነት ነገርኳት። አጥሩ 25 ሴንቲ ውፍረት ያለው፣ ሁለት ጡብ ጎን ለጎን የሚተኛበት ነው። ብዙ ሰው የነጠላውን ሞርታር በሁለት አባዝቶ 42 ሊትር ይላል። በ1 ሴንቲ መጋጠሚያ ትክክለኛው በካሬ 52 ሊትር ነው። በሁለቱ ጡቦች መካከል የሚገባው 1 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሞርታር ብቻውን በካሬ 10 ሊትር ነው። ጡቡም ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከሆነ ከዚህ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሞርታሩ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ያን ጊዜ ከሂሳብ ይልቅ አንድ ካሬ ለሙከራ ሠርቶ መስፈሩ ይሻላል። እሷም ለአጥሩ ያሰበችው ጡብ ቀዳዳ ያለው ነበር። ስለዚህ ሲሚንቶ ከመታዘዙ በፊት መጀመሪያ አንድ ካሬ ተሠርቶ ስንት ሳጥን አሸዋ እንደገባ እንዲቆጠር ተስማማን። ቆጣሪው ዘበኛው ሆኑ።